በነፃ ስጦታ ተከታይን ወደ አድራሻ መዝገብ ስለ ማምጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታላቅ ወንድሜ ጅማ ውስጥ፣ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም ሳይርቅ፣ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት መደርደሪያና ከአንድ ግንድ የሚጠረበውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይሠራል። እኔ መጋዝ አልይዝም፤ የሥራ ቤቱን የቲክቶክና የፌስቡክ ገጽ ነው የምይዘው። ያለፈውን ዓመት ያሳለፍኩት ቪዲዮ አይተው የሚያልፉትን ሰዎች አድራሻ ወዳለው መዝገብ ለማምጣት ስሞክር ነው። ልብስ ሰፊዎች፣ ቡና ቆይዎችና የማር ነጋዴዎች ስለዚሁ ነገር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌው ሁሉ ከቁም ሳጥን የመጣ ነው፤ ይቅርታ፣ በቅርብ የማውቀው እሱን ነው።

ብዙ ተከታይ አለኝ። ለምን ሌላ አድራሻ እሰበስባለሁ?

ቁም ሳጥን የሚያሠራ ሰው ቪዲዮውን ባየበት ቀን አያሠራም። ቤቱ ገና ልስን ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ገንዘቡ የሚደርስለት ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ቲክቶክ ሌላ መቶ አናጢ አሳይቶታል፤ የእኛን ገጽ ስም አያስታውስም። እኛም እሱን ፈልገን የምናገኝበት መንገድ የለንም። ተከታይ ብለን የምንቆጥረው ሰው የሚያየውን የሚመርጥለት መተግበሪያው ነው፤ ከ6,800 ተከታዮቻችን አንዱን ቪዲዮ 300 ብቻ ያዩበት ቀን አለ።

ሁለተኛውን ምክንያት ሁላችንም አይተነዋል። ከየካቲት 2015 ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ሱቅ አጭር መልእክት እየላከ ሥራውን ቀጠለ። ተከታይ ብቻ የነበረው ግን ቪፒኤን ሲፈልግ ከረመ።

ነፃ ስጦታ ሲባል ዕጣ ማውጣት ነው? በርጩማ ብንሸልምስ?

ሸልመናል። ስለዚህ ነው አትሸልሙ የምለው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ይህ ነበር፦ «የቴሌግራም ቻናላችንን ለተቀላቀለ አንድ የጅማ በርጩማ በዕጣ!» በሁለት ሳምንት 412 ሰው ገባ። ወንድሜ ተደሰተ፤ እኔማ ከእሱ የባሰ ተደስቼ ነበር። ዕጣው ወጥቶ ባለ ዕድሉ በርጩማውን በወሰደ በአንድ ሳምንት ውስጥ 151 ሰው ወጣ። የቀሩት 261 ሰዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ የለጠፍነውን የዋንዛ አልጋ ተመለከቱ እንጂ አንድም ሰው አላዘዘም። አንዳንዶቹ ከመቀሌ፣ አንዳንዶቹ ከጎንደር ነበሩ፤ ቁም ሳጥን ከጅማ አስጭነው ሊወስዱ አይችሉም። እነሱ የፈለጉት ዕጣ ነበር፤ ዕጣ ሰጠናቸው፤ ሂሳባችን በዚያው ተዘጋ።

ስጦታው ማንን እንደሚጠራ የሚወስነው ራሱ ስጦታው ነው። ገንዘብ፣ የሞባይል ካርድ ወይም ዕጣ ያለበት ነገር ሁሉንም ሰው ይጠራል። ሁሉም ሰው ደግሞ የእናንተ ደንበኛ አይደለም።

ታዲያ ምን ልስጥ?

ሊገዛችሁ እያሰበ ያለ ሰው ብቻ የሚፈልገውን፣ ሌላው ግን በነፃም ቢሰጠው የማይወስደውን ነገር ስጡ። እኛ ያገኘነው ከወንድሜ ምሬት ነው። ሰው ይደውልና «ሦስት ሜትር የሚሆን ቁም ሳጥን ስንት ትሠራልኛለህ?» ይላል። ወንድሜ ሄዶ ሲለካ ሦስት ሜትር የተባለው 2 ሜትር ከ74 ሆኖ ይገኛል። ለባጃጅ ከፍሎ፣ ግማሽ ቀን አባክኖ፣ ዋጋ ተናግሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ሰውየው ስልክ አያነሣም።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን፤ ርዕሱም «ቁም ሳጥን ከማሠራታችሁ በፊት የምትለኳቸው 6 ቦታዎች» የሚል ነው። ይዘቱ ወንድሜ በየቤቱ እየዞረ የሚያደርገው ነው፦ የግድግዳውን ስፋት ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ለኩ፤ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ሦስቱ ቁጥሮች ይለያያሉ፤ የምትይዙት ትንሹን ነው። ከፍታውን ከግራም ከቀኝም ለኩ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ የተሰቀለ ኮት ትከሻው በሩን ይገፋል። ከግድግዳው ግርጌ ያለው ዞኮሎ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ ለኩ፤ ይህን የረሳ ቁም ሳጥን ከግድግዳው አይጠጋም። የመብራት ሶኬቱ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ። በመጨረሻም የቤቱን መግቢያ በርና ደረጃውን ለኩ፤ ተሠርቶ ያለቀ ቁም ሳጥን በበር አልገባ ብሎ ተፈትቶ እንደገና የተገጠመበት ቀን ስላለ ነው።

ይህን ወረቀት ለመዝናናት የሚወስድ ሰው የለም። ሜትር ይዞ ግድግዳ የሚለካ ሰው ሊያሠራ ያሰበ ነው። በዚያ ላይ ስጦታው ለወንድሜ ራሱ ሥራ ቀነሰለት፤ ልኬቱ ሲላክለት ቤት ሳይሄድ ግምታዊ ዋጋ መናገር ይችላል።

ለሌላ ሥራም መንገዱ ያው ነው። ልብስ ሰፊ ከሆናችሁ ለሠርግ ልብስ መቼ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያሳይ የሁለት ወር መርሐ ግብር ስጡ። የሊሙን ቡና ቆልታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ግን «ስለ ቡና የማታውቋቸው ነገሮች» የሚል ነገር አትስጡ፤ እሱን አንብቦ የሚያልፈው ብዙ ነው። ይልቅ የመጀመሪያ ትእዛዝ ላይ የሚጨመር የሁለት ስኒ ናሙና ይሻላል፤ አድራሻውን የሚሰጠው ሊገዛችሁ ያሰበ ሰው ብቻ ነውና።

ወረቀቱ በምን መልክ ይዘጋጅ?

በምስል። መጀመሪያ ስምንት ገጽ ፒዲኤፍ ነበር ያዘጋጀሁት፤ ማንም እስከ መጨረሻው አላነበበውም። አሁን ያለው ለስልክ እንዲመች ቁመቱ የሚበልጥ አንድ ምስል ነው፤ ሳይጎተት ሳይሰፋ ይነበባል። በሞባይል ዳታ ቶሎ እንዲከፈት መጠኑን ከ300 ኪሎ ባይት በታች አድርጌዋለሁ።

ጅማ ላይ ከምትሠሩ አንድ ነገር አትርሱ፤ በሁለት ቋንቋ አዘጋጁ። እኛ የአማርኛውን ብቻ ይዘን አንድ ወር ቆየን። የአፋን ኦሮሞውን ስንጨምር ከአጋሮና ከሰቃ በኩል የሚጽፉልን ሰዎች በዙ። ትርጉሙን የሠራችልን ጎረቤታችን የአናጢ ቃላት ላይ ወንድሜን ሦስት ጊዜ አርማዋለች፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተቀበላትም።

ፕሮፋይሉ ላይ ምን ልጻፍ?

የድሮው ጽሑፋችን እንዲህ ነበር፦ «ጥራት መለያችን ነው። ማንኛውንም የእንጨት ሥራ በተመጣጣኝ ዋጋ እንሠራለን። ለበለጠ መረጃ ይደውሉ።» ይህን ያላለ አናጢ በኢትዮጵያ ያለ አይመስለኝም። የአሁኑ ይህ ነው፦

«ቁም ሳጥንና አልጋ፣ ጅማ። ከማሠራታችሁ በፊት የምትለኳቸው 6 ቦታዎች፣ በነፃ። ከታች ያለውን ተጭናችሁ ውሰዱ።»

አንድ ሥራ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ስጦታ፣ አንድ ሊንክ። ኢንስታግራም እስከ አምስት ሊንክ ይፈቅዳል፤ ቢፈቅድም አንድ ብቻ አድርጉ። አምስት በር ያለው ቤት ሲያዩ ሰዎች በየትኛው እንደሚገቡ ቆመው ያስባሉ፤ እያሰቡም ያልፋሉ። ቲክቶክ ላይ የግል አካውንት ከሆነና ተከታያችሁ 1,000 ካልሞላ ሊንክ የማስገቢያው ቦታ አይታያችሁም። እስከዚያ የቴሌግራም ስማችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ። ሰው በእጁ ነውና የሚጽፈው አጭርና ለመሳሳት የማይመች ስም ምረጡ፤ የሥራ ቤታችንን ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲፈልጉን ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው።

በየቪዲዮውም መጨረሻ ላይ ስለ ስጦታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ፕሮፋይላችሁን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ «ልኬቱን ከፕሮፋይላችን ውሰዱ» ሲባል ግን ይሄዳል።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ ወይስ ኢሜይል?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። መልሱ ደግሞ በእጃችሁ የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል። ሦስቱም ጋ «ተመዘገበ» ይባላል፤ የሚቀራችሁ ግን የተለያየ ነው።

የቴሌግራም ቻናል ላይ የገባ ሰው ስልክ ቁጥሩን አይሰጣችሁም። እናንተ ትለጥፋላችሁ፣ እሱ ያያል ወይም አያይም። በቻናሉ ለእሱ ብቻ ለይታችሁ መልእክት መላክ አትችሉም። ስለዚህ ቻናል ማለት ሌላ ዓይነት ተከታይ ነው፤ አድራሻ አይደለም። እኛ በዕጣው ጊዜ የሠራነው ሁለተኛ ስሕተት ይኸው ነው።

የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ለሚጽፍለት ሰው በራሱ የሚመልስ አካውንት፣ ይለያል። ሰውየው «ጀምር» የሚለውን ሲጫን ቦቱ መለያ ቁጥሩን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው እስኪያግደው ድረስ መልእክት ሊልክለት ይችላል። ቦት ማንንም ቀድሞ ማነጋገር አይችልም፤ ቴሌግራም ራሱ ከልክሎታል፤ ይህም ጥሩ ነው። ስልክ ቁጥር ግን በራሱ አይመጣም፤ ቦቱ ጠይቆ ሰውየው በአዝራር ካልፈቀደ በስተቀር።

ዋትስአፕ ላይ የጻፈላችሁ ሰው ቁጥሩ ወዲያው ይታያችኋል። ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ሲመጣ ነው፦ አንድ የስርጭት ዝርዝር ከ256 ሰው በላይ አይዝም፤ ከእነሱም የሚደርሳቸው ቁጥራችሁን ስልካቸው ላይ የመዘገቡት ብቻ ናቸው። አንድ የማር ነጋዴ ለ200 ሰው ልኮ ማንም ሳይመልስለት ቀርቶ ዋጋው ተወዶ መስሎት ቅናሽ አደረገ። በኋላ ሲጣራ አብዛኞቹ ቁጥሩን አልመዘገቡትም፤ መልእክቱ አልደረሳቸውም። ስለዚህ ዋትስአፕን ከመረጣችሁ ከስጦታው ጋር የምትልኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቁጥራችንን ‹ቁም ሳጥን ጅማ› ብላችሁ መዝግቡልን» የሚል ይሁን። የዋትስአፕ ሊንክ አጻጻፉ ይህ ነው፤ ከ251 በፊት የመደመር ምልክትም ዜሮም አይገባም፦

```
https://wa.me/2519XXXXXXXX?text=ልኬት
```

ሰውየው ሲጫነው «ልኬት» የሚለው ቃል ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ እሱ መላክ ብቻ ነው የሚቀረው። በቢዝነሱ ዋትስአፕ ውስጥ ፈጣን መልስ ስለሚቀመጥ ምስሉን በየጊዜው መፈለግ አይኖርባችሁም።

ኢሜይልን በተመለከተ፣ ለመንደር ደንበኛ አትድከሙ። ቁም ሳጥን የሚያሠሩ እናት ኢሜይል ቢኖራቸው እንኳ የተከፈተው ስልኩ ሲገዛ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ልጃቸው ነው የሚያውቀው። ኢሜይል የሚጠቅመው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፦ ፕሮፎርማ ለሚጠይቁ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ሆነው ጅማ ላይ ቤት ለሚያስጨርሱ። እነዚህ ኢሜይል ያነባሉ፤ ያስቀምጡታልም። እኛ ለእነሱ አጭር የጉግል ፎርም አዘጋጀን፤ የሚጠይቀው ስምና ኢሜይል ብቻ ነው፤ አሁን 31 አድራሻ አለን። ለዚህ ያህል ሰው ተራ ጂሜይል ይበቃል፤ በቀን እስከ 500 ተቀባይ ይፈቅዳል። ተቀባዮቹ አንዱ የሌላውን አድራሻ እንዳያይ `Bcc` በሚለው ቦታ አስገቧቸው። ዝርዝሩ በመቶዎች ሲቆጠርና በኢሜይል መላኪያ አገልግሎት መላክ ስትጀምሩ ግን የላኪው አድራሻ በጂሜይል የሚያልቅ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ ጉግልና ያሁ የላኪን ማንነት አጥብቀው ስለሚያጣሩ እንዲህ ያለው መልእክት አይፈለጌ ወደሚባለው ሣጥን ይገባል። የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም ያስፈልጋችኋል።

እኛ ለመንደሩ ቦት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል መረጥን። እንደገና ብጀምር፣ ለብቻው ለሚሠራና ቴክኖሎጂ ለማይወድ ሰው ዋትስአፕን እመክር ነበር።

ቦት ለመሥራት ፕሮግራም ማወቅ አለብኝ?

ለመፍጠሩ አይደለም። ቴሌግራም ውስጥ `@BotFather` ብላችሁ ፈልጉ፤ `/newbot` ብላችሁ ስትልኩ ስም ይጠይቃችኋል፤ የመለያ ስሙ መጨረሻው `bot` መሆን አለበት። ከዚያ ረጅም ቁልፍ ይሰጣችኋል። እሱን እንደ ቤት ቁልፍ ጠብቁት፤ በስክሪን ፎቶ ለጓደኛ የላከ ሰው ቦቱን አሳልፎ ሰጥቷል። ቦቱ ምን እንደሚመልስ ለመወሰን ግን ወይ ትንሽ ኮድ ወይ ያለ ኮድ ቦት የሚሠራ አገልግሎት ያስፈልጋል። አገልግሎት ከመረጣችሁ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር አውርዳችሁ መያዝ መቻላችሁን ቀድማችሁ አጣሩ። ካልቻላችሁ አድራሻው የእናንተ ሳይሆን የአገልግሎቱ ነው፤ ከተከታይ ብዙም አልራቃችሁም።

ብዙዎች የማያውቁት ጠቃሚ ነገር አለ። በሊንኩ ጫፍ ላይ ሰውየው ከየት እንደመጣ የሚናገር ቃል መጨመር ይቻላል፦

```
https://t.me/YOURNAME_bot?start=tiktok
https://t.me/YOURNAME_bot?start=facebook
```

ቃሉ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከ64 ፊደል ያልበለጠ ይሁን። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የራሱን ሊንክ ስታስቀምጡ የትኛው ገጽ ገዢ እንደሚያመጣ ታያላችሁ። ከፌስቡክ የሚመጡልን ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ልኬት የሚልኩት በብዛት እነሱ ናቸው፤ ቤት የሚያስጨርሰው በዕድሜ ጠና ያለው ሰው ያለው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ስልክ ቁጥር መቼ ልጠይቅ?

ስጦታውን ከመስጠታችሁ በፊት አትጠይቁ። መጀመሪያ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈርና የቤት ዓይነት የሚጠይቅ ቅጽ ነበረን፤ ሰው ግማሹ ላይ ደርሶ ይተወው ነበር። ወረቀት ለማግኘት ይህን ሁሉ መናገር ማን ይፈልጋል? አሁን ቦቱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ አማርኛ ወይስ አፋን ኦሮሞ? ወዲያው ወረቀቱን ይልካል። ስልክ የምንጠይቀው ሰውየው ልኬቱን ሲልክ ነው፦ «ወንድሜ ዋጋውን አስልቶ ይደውልላችሁ፤ በየትኛው ቁጥር?» በዚህ ጊዜ ቁጥሩን መስጠት የሚጠቅመው ራሱን ስለሆነ የሚከለክል የለም።

ቁጥሩን ለምን እንደምትይዙም በአንድ መስመር ጻፉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ በፈቃዱና ለተነገረው ዓላማ ብቻ እንድንጠቀም ይጠይቃል። የእኛ መስመር ይህ ነው፦ «ቁጥራችሁን ዋጋ ለመንገርና በወር አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ ለማሳየት ብቻ እንጠቀማለን፤ ‹ይብቃኝ› ካላችሁን እንሰርዛለን።» «ይብቃኝ» ላለን ሰው በእርግጥም እንሰርዛለን።

ከተመዘገቡ በኋላ ምን ልላክ?

ትንሽ። ወረቀቱን በሰጠን በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት እንልካለን፦ «ለካችሁ? ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፉልን ወይም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፎቶ ላኩ።» ብዙ ልኬት የሚመጣው ከዚህች መልእክት ነው። ሰው ሜትር ከጎረቤት እስኪዋስ ቀን ያልፋል፤ ከዚያም ይረሳዋል። በአሥረኛው ቀን በበር አልገባ ስላለው ቁም ሳጥን የሚናገር አጭር ታሪክ ከፎቶ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ሥራ፣ ልኬቱና የእንጨቱ ዓይነት ተጽፎበት ይላካል። ዋጋውንም እንጽፋለን። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለው ነገር ሰው ያሸሻል።

በበዓል ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ የሚል መልእክት አንድ ጊዜ ላክን፤ በዚያ ዕለት 6 ሰው ቦቱን አገደው። ያን ዕለት ባንኩም፣ ሱቁም፣ የአክስት ልጅም ሁሉ ይልካል፤ ስልኩ ሲጮህ ይውላል። አሁን በበዓል ዝም እንላለን።

አልሠራ ሲል ችግሩ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ሦስት ቁጥር ብቻ በደብተር ያዙ፦ ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ሰው ስጦታውን ወሰደ፣ ስንት ሰው መለሰ። በልኬቱ ወረቀት የመጀመሪያ ወር የእኛ ቁጥሮች 73፣ 58 እና 19 ነበሩ። ከ19ኙ 5 ሰዎች ቀብድ ከፈሉ። ከዕጣው 412 ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል፤ ግን ያኛው ያስገኘው ትእዛዝ ዜሮ ነበር።

የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ጥፋቱ ፕሮፋይሉ ላይ ነው፤ ወይ ስጦታው ግልጽ አይደለም ወይ በቪዲዮው አልተነገረም። ቲክቶክ ፕሮፋይላችሁን ስንት ሰው እንደከፈተው ያሳያል፤ ብዙ ሰው ከፍቶ ጥቂት ከገባ ጽሑፉን ቀይሩ፤ የከፈተውም ጥቂት ከሆነ ቪዲዮው ላይ ተናገሩ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ብዙ ሰው ከጠፋ የሆነ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው። እኛ ጋ 15 ሰው ጀምሮ ሳይወስድ ቀርቷል። በሌላ ስልክ ስሞክረው የአፋን ኦሮሞው አዝራር የተሳሳተ ምስል ላይ ያመለክት ነበር። በየሳምንቱ ራሳችሁ እንደ እንግዳ ሆናችሁ፣ ከእናንተ አካውንት ውጭ በሆነ ስልክ፣ ከቲክቶኩ ጀምራችሁ እስከ ስጦታው ድረስ ሞክሩት። ቲክቶክ ሊንኩን በራሱ ውስጥ ሲከፍተው ቴሌግራም ሳይነሣ የሚቀርበት ስልክ አለ፤ ለእነዚህ ሰዎች የቦቱን ስም በጽሑፍም ፕሮፋይሉ ላይ አስቀምጡላቸው።

ወስደው የማይመልሱት ከበዙ ስጦታው ብቻውን ይበቃቸዋል ማለት ነው። የሦስተኛው ቀን መልእክታችሁን አስተካክሉ። ያም ካልሠራ ስጦታው ሌላ ሰው እየጠራ ነው።

በኢንቦክስ የጻፉልኝን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ግሩፕ ውስጥ ባስገባቸውስ?

አይሆንም። ሳይጠየቅ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ሲበዛ ቴሌግራም አካውንታችሁን ይገድበዋል፤ ለማታውቋቸው ሰዎች መጻፍ ያቅታችኋል። መገደባችሁን `@SpamBot` ጋ ገብታችሁ ታረጋግጣላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ «የልኬት ወረቀት አለን፤ ልላክልዎት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አድካሚ ነው፤ ያዋጣል።

ወረቀቱን ወስደው ሌላ አናጢ ጋ ቢሄዱስ?

ይሄዳሉ። ከእኛ ልኬት ወስዶ መርካቶ ያለ አናጢ ጋ ያሠራ ሰው አውቃለሁ፤ የምናስበው በወረቀቱ ሳይሆን በዋጋው እንደተበለጥን ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ የሥራ ቤቱ ስምና የቦቱ ሊንክ አለበት፤ ሊንኩ ጫፍ ላይ `start=paper` አስገብቼበታለሁ፤ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍም እንዲታወቅ ብዬ ነው። ባለፈው ወር በዚያ በኩል 3 ሰዎች ገቡ። ሁለቱ ልኬት ላኩ። ሦስተኛው ራሱ አናጢ ነበር፤ ወረቀቱን ለራሱ ደንበኞች መስጠት እንደሚፈልግ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። ወንድሜ ትንሽ አሰበና ከታች ያለውን ስም እንዳይቆርጠው ነግሮ ፈቀደለት።